ጾም ላይ የሚተርፍ ወተት፦ ለባለሀብቶች የሚቀርብ የሦስት ደቂቃ ንግግር

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ የሚቀርብ። ንግግሩን የምታሰማው ሥራ አስኪያጇ ስትሆን፣ የምርት ኃላፊው ስላይዱን እየቀየረ የቺዝ ናሙናውን ያድላል። መርሐ ግብሩ ወደ ረቡዕ ወይም ወደ ዓርብ ከተዛወረ ናሙናው አይታደልም፤ ታሽጎ ለእያንዳንዱ እንግዳ ወደ ቤት የሚወሰድ ይሆናል።

ንግግሩ

(የመጀመሪያው ስላይድ፦ የድርጅቱ ስምና አርማ)

የተከበራችሁ ባለሀብቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። የድርጅታችን ስም ከኋላዬ ይታያል፤ ሥራችን በጾም ወራት ገዢ የሚያጣውን ወተት ከአርቢዎች ገዝተን ለወራት ሳይበላሽ የሚቆይ ቺዝ ማድረግ ነው።

ችግሩን በዚህ አዳራሽ ያለን ሁላችንም በሸማችነት እናውቀዋለን፤ በአርቢው ቤት ምን እንደሚመስል ግን ብዙ ጊዜ አናይም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ነበር፤ ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ የከተማዋ የወተት ገበያ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ላም ግን አትጾምም። ጠዋትና ማታ ትታለባለች፣ ፉርሽካውንና ፋጉሎውንም እንደ ወትሮው ትፈልጋለች፤ መታለቧ ቢቋረጥ ጡቷ ይታመማል፣ ወተቷም ይነጥፋል። በምንሠራባቸው በሱሉልታና በጫንጮ ዙሪያ ባለፈው ሁዳዴ ሊትሩ ከ70 ብር ወደ 48 ብር ወርዷል። በቀን 10 ሊትር የሚሸጥ አንድ አርቢ በዚያ ልዩነት ብቻ በ55 ቀን ውስጥ 12,100 ብር ያጣል፤ ይህም ወተቱን ጨርሶ የሚቀበለው ያጣበትን ቀን ሳይጨምር ነው።

(ሁለተኛው ስላይድ፦ የሱሉልታ ማሳያ ሥራ ፎቶግራፍ። ናሙናው እዚህ ላይ ይታደላል።)

ባለፈው ሁዳዴ፣ ከየካቲት 9 ጀምሮ እስከ ፋሲካ ዋዜማ፣ ፈቃድ ባለው አነስተኛ ማቀነባበሪያ ውስጥ ቦታ ተከራይተን በቀን 200 ሊትር ከ31 አርቢዎች በ58 ብር ሂሳብ ተቀበልን። ከ11,000 ሊትር ወተት፣ በሚበስልበት ጊዜ የሚደርቀው ክብደት ተቀንሶ፣ 1,040 ኪሎ ቺዝ አገኘን፤ ኪሎውንም በ1,300 ብር ለሆቴሎችና ለፒዛ ቤቶች ሸጠን ጨርሰናል። ሽያጩ 1,352,000 ብር ሲሆን፣ የወተቱና የማምረቻው ወጪ 869,000 ብር ነበር። አሁን የምትቀምሱት ከመጨረሻው ዙር ያስቀረነውን ነው።

ገበያውን በሚመለከት፣ የአገራችን የከብት ቁጥር በአፍሪካ ቀዳሚ መሆኑን በመናገር ጊዜያችሁን አልወስድም፤ የከብት ብዛት ቺዝ ገዢ አያመጣልንምና። እኛ የቆጠርነው ወጥ ቤቶችን ነው። ከቦሌ እስከ ፒያሳ ያነጋገርናቸው 46 ወጥ ቤቶች በአማካይ በሳምንት 9 ኪሎ ቺዝ ይጠቀማሉ፤ ይህም በዓመት ከ21,000 ኪሎ በላይ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ቺዝ ስለተወደደባቸው፣ ጣዕሙ የማይዋዥቅ የአገር ውስጥ ቺዝ አምጡልን የሚሉን እነርሱ ራሳቸው ናቸው። በሌላ በኩል በኅዳር 2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት እንዲበዛ እየሠራ ነው፤ ወተቱ በበዛ ቁጥር የጾም ትርፉም አብሮ ይበዛል።

(ሦስተኛው ስላይድ፦ የ2019 ዓ.ም. አጽዋማት ሰሌዳ)

የግብርና ሥራ ላይ ገንዘብ የሚያስፈራው ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። የእኛ ጥሬ ዕቃ የሚረክስበትን ቀን ግን ባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ ይነግረናል፦ የ2019 ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ወር አለን።

የምንጠይቀው በአጠቃላይ 12 ሚሊዮን ብር ሲሆን፣ በሁለት ዓይነት መንገድ እንዲሰጠን ነው። 5.6 ሚሊዮኑ ለ30 በመቶ ድርሻ የሚከፈል ሆኖ፣ 3.6 ሚሊዮን ለማቀዝቀዣ ታንክ፣ ለማፍያ ጋንና ለጄኔሬተር፣ 1.4 ሚሊዮን ቺዙ ተቀምጦ ለሚበስልበት ክፍል፣ 600,000 ብር ደግሞ ለቤተ ሙከራ ዕቃና ለፈቃድ ይውላል። ቀሪው 6.4 ሚሊዮን ብር የወተት ዋጋ መክፈያ ነው። ይህን ድርሻ አድርገን አንወስደውም፤ የካቲት ላይ ገብቶ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከ8 በመቶ ጭማሪ ጋር የሚመለስ የወቅት ብድር እንዲሆን እንጠይቃለን። በዚህ ገንዘብ በቀን 2,000 ሊትር ተቀብለን ከአንድ ሁዳዴ 10,400 ኪሎ ቺዝ እናወጣለን። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነን።

ለጥያቄ ጊዜ የተዘጋጁ መልሶች

በጾም ቺዝ ማን ይገዛል ተብሎ ከተጠየቀ፣ በጾም እንድንሸጥ የሚያስገድደን ነገር እንደሌለ ማስረዳት ነው። ቺዙ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 60 ቀን ይቀመጣል፤ በሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት የተሠራው የሚደርሰው ፋሲካ አካባቢ ሲሆን፣ የመጨረሻው ሰኔ ውስጥ ይወጣል። አጠቃላይ አሠራራችን የተመሠረተው ወተት በሚረክስበት ወቅት ገዝቶ ሰው በሚፈስክበት ወቅት በመሸጥ ላይ ነው። እርጎና አይብ የማንሠራውም ቶሎ ስለሚበላሹ ነው፤ የዱቄት ወተት ፋብሪካ ደግሞ ከእኛ አቅም በላይ የሆነ ገንዘብ ይፈልጋል።

ለምን ባንክ አልሄዳችሁም የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ሄደናል። የተጠየቅነው የቤት ወይም የሕንፃ መያዣ ነው፤ መሥራቾቹ ሁለታችንም የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። በመደርደሪያ ላይ እየበሰለ ያለን ቺዝ በመያዣነት የሚቀበል ባንክ አላገኘንም፤ ለዚህም ነው የወተቱን ገንዘብ ከድርሻው ለይተን ያቀረብነው። በስድስት ወር ውስጥ ገብቶ የሚወጣን ገንዘብ በድርሻ መግዛት ለእኛ ውድ ነው፣ ለእናንተም ገንዘባችሁን ያለ ምክንያት አስሮ ማስቀመጥ ነው። ለጨው፣ ለነዳጅ፣ ለሠራተኛና ለመሳሰለው የማምረቻ ወጪ የሚያስፈልገውን 2.3 ሚሊዮን ብር ያህል የምንሸፍነው ራሳችን ነን፤ ከዚህ ውስጥ ከዘንድሮው ሽያጭ የተረፈው 483,000 ብር በባንክ ሒሳባችን ይገኛል።

ትርፉን በተመለከተ የሚሰጠው መልስ የተጋነነ እንዳይሆን። በ2019 በዐቢይ ጾም ብቻ ብንሠራ ሽያጩ 13.5 ሚሊዮን ብር ገደማ፣ የወተትና የማምረቻ ወጪው 8.7 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። ከቀሪው 4.8 ሚሊዮን ላይ 1.9 ሚሊዮን ለደመወዝ፣ ለኪራይና ለመሳሰሉት ቋሚ ወጪዎች፣ ግማሽ ሚሊዮን ደግሞ ለወቅቱ ብድር ጭማሪ ሲወጣ፣ ከግብር በፊት 2.4 ሚሊዮን ብር ይተርፋል። ይህ ከግብር በኋላ ለ30 በመቶ ባለድርሻ ካስገባው ገንዘብ ዘጠኝ በመቶ ያህል ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ከዚህ የበለጠ ቃል አንገባም። ልዩነቱ የሚመጣው ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ያለውን ጾመ ነቢያት ስንጨምር ነው፤ መሣሪያውም ክፍሉም አስቀድሞ የተከፈለበት ስለሆነ ያን ጊዜ ትርፉ ከእጥፍ በላይ ይሆናል ብለን እናሰላለን። ለዚህ ግን ከ46ቱ ወጥ ቤቶች ውጪ ሌሎች ገዢዎች ያስፈልጉናል። የሁዳዴው ምርት ብቻውን የእነርሱን የዓመት ፍላጎት ግማሽ ያህል ስለሚሸፍን፣ ሁሉም ከእኛ ብቻ ይገዛሉ ብሎ ማቀድ የዋህነት ነው።

ስለ ወተቱ ጥራት የሚነሳው ጥያቄ በጥሞና ይመለስ፤ ሥራውን ሊያፈርስ የሚችለው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ውኃ መጨመሩ በላክቶሜትር፣ መኮምጠጥ መጀመሩ በአልኮል ፍተሻ መቀበያው በር ላይ ይታወቃል፤ ሁለቱንም በማሳያ ሥራው ለእያንዳንዱ ጣሳ አድርገናል። ከባዱ አፍላቶክሲን ነው። በአግባቡ ካልተቀመጠ ፋጉሎ ላይ የሚወጣ ሻጋታ የሚፈጥረው መርዝ በላሟ በኩል ወደ ወተት ይተላለፋል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም፤ ወተት ወደ ቺዝ ሲለወጥ ደግሞ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር መጠኑ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ የ600,000 ብሩ ትልቁ ክፍል የሚውለው ለአፍላቶክሲንና ለፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ቅሪት መመርመሪያ ነው። መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት ለሰው መዋሉ ጉዳቱ ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ እርሾውንም ስለሚገድል ቺዙ ጨርሶ አይሆንም። እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጇ የእንስሳት ሐኪም መሆኗን ብትጠቅስ ይጠቅማል፤ በንግግሩ ውስጥ ያልገባው በሰዓት ጥበት ብቻ ነው።

ሌላ ድርጅት ይህንኑ ቢጀምርስ? ይጀምራል፤ የጾም ወተት ዋጋም ከ48 ብር ከፍ ይላል። ስሌታችን በ58 ብር የተሠራ በመሆኑ የአሥር ብር መተንፈሻ አለው፤ አርቢው በተለመደው ቀን በሚሸጥበት 70 ብር ብንገዛ እንኳ ማምረቻውን ችለን ትርፋችን ይቀንሳል እንጂ አንከስርም። ተፎካካሪ በቀላሉ የማያገኘው አርቢውን ነው። በጾም የተቀበልነውን አርቢ በፍስክ ጊዜ ወተቱን ለፈለገው እንዲሸጥ እንተወዋለን፣ በውል አናስረውም፤ በየ15 ቀኑ የሚከፈለው ገንዘብ አንድም ጊዜ ስላልዘገየበት በሚቀጥለው ጾም ተመልሶ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን።

ስለ አጓቱ የሚጠይቅ ካለ፣ ከ2,000 ሊትር ወተት በቀን 1,800 ሊትር ያህል አጓት ይወጣል፤ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ውኃውን ይበክላል። በማሳያ ሥራው ወቅት ወተት ይዘው የመጡት አርቢዎች ለጥጃ ማጠጫ በነፃ ይወስዱት ነበር። በአሥር እጥፍ ሲበዛ ግን ሁሉንም መውሰዳቸውን ማረጋገጥ ስለማንችል፣ ለማጠራቀሚያ ገንዳ የሚሆነውን ወጪ በክፍሉ 1.4 ሚሊዮን ውስጥ አስገብተናል።

የገንዘቡ አከፋፈል ከተነሳ፣ 5.6 ሚሊዮኑን በአንድ ጊዜ አንጠይቅም። ውሉ ሲፈረም 2 ሚሊዮን ለመሣሪያ ቅድሚያ ክፍያና ለክፍሉ ሥራ መጀመሪያ፣ መሣሪያው ሱሉልታ ደርሶ ሲተከል 3 ሚሊዮን፣ የምግብ ማምረቻ ፈቃዱ ሲወጣ ቀሪው 600,000 ብር ይለቀቃል። መመርመሪያዎቹን ቀድመን የምንገዛው በመሥራቾቹ ገንዘብ ሆኖ በዚህ በመጨረሻው ክፍያ ይተካል። የወተቱ 6.4 ሚሊዮን ደግሞ በሁለት ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፤ አንደኛው ፈራሚ የባለሀብቱ ተወካይ ይሆናል። ፈቃዱ እስከ ጥር 30 ቀን 2019 ካልወጣ የወቅቱ ብድር አይከፈትም፣ የዚያ ዓመት ሥራም እንደ ዘንድሮው በተከራየነው ማቀነባበሪያ ውስጥ በአነስተኛ መጠን ይካሄዳል።