ድሬዳዋ ሳቢያን፦ ባለ 2 መኝታ አፓርታማ ለሽያጭ፣ ውጭ ሀገር ሆነው ለሚገዙ

ሳቢያን፣ 3ኛ ፎቅ፣ 96 ካሬ። 2 መኝታ፣ ሰፊ ሳሎን፣ ኩሽና፣ 2 መታጠቢያ ቤት። በሻጩ ስም ካርታ ያለው ነው። ዋጋው 7.8 ሚሊዮን ብር፣ ትንሽ ድርድር አለው።

የድሬን ሙቀት ያውቁታል። ሳሎኑና በረንዳው ፊት ለፊት ስለሆኑ ሁለቱንም በር ሲከፍቱ ነፋሱ ቤቱን አቋርጦ ያልፋል። የኤሲ መስመር ተዘርግቷል፣ ኤሲው ግን አልተገጠመም። ውሃው ጨው ስለሚበዛው የሻወሩ ራስ ነጭ ይዟል፤ ሻጩ ከርክክብ በፊት በአዲስ ይቀይረዋል። ጣሪያ ላይ የራሱ ሮቶ አለው።

አሁን ተከራይ አለበት፤ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ የሚሠራ ባለትዳር ነው። በወር 22 ሺህ ብር ይከፍላል፣ ውሉም ወደ እርስዎ ይዞራል።

ርቀቱ እንደሚያሳስብዎ እናውቃለን። ስለዚህ ብር ከመላክዎ በፊት ካርታው ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የራስዎ ሰው ካርታውን የሰጠው ቢሮ ሄዶ ያጣራ። እኛን ብቻ አይመኑ። ውክልናውን ባሉበት ሀገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋግጡና ይላኩ፤ እዚህ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ይቀጥላል። ዜግነት ከቀየሩ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዎን ያዘጋጁ። ክፍያው በባንክ ብቻ፣ በቀጥታ ለሻጩ ነው። በእጅ አንቀበልም።

በቪዲዮ ጥሪ ቤቱን ከነደረጃው እናዞርዎታለን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ቤቱን በደንብ የሚያዩት ያኔ ነው። የሚመችዎትን ቀንና ያሉበትን ሀገር ሰዓት ጽፈው ይላኩልን።