የጎደሉ መረጃዎች አያያዝና በየትንተናው ደረጃ የቀነሱ ተሳታፊዎች

በባሕር ዳር ዙሪያና በዘጌ በሚገኙ አምስት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአንጀት ቢልሃርዚያን ስርጭት ለማጥናት ከመዝገብ በዕጣ የተመረጡት ተማሪዎች 640 ነበሩ። የ22ቱ ወላጆች ፈቃዳቸውን ባለመስጠታቸው 618 ቀሩ። ናሙና በተሰበሰበበት የመጀመሪያ ቀን 74 ልጆች አልተገኙም፤ ቀኑ በአንደኛው ትምህርት ቤት አካባቢ የገበያ ቀን እንደነበረ የተረዳነው ዘግይተን ነው። ከሳምንት በኋላ ተመልሰን 43ቱን ስላገኘን በመቅረት የታጡት 31 ብቻ ሲሆኑ፣ መጠይቁ ለ587 ልጆች ተሞልቷል።

ከእነዚህ ውስጥ 44ቱ የዓይነ ምድር ናሙና አላመጡም ወይም ያመጡት ለምርመራ አልበቃም፤ የዘጠኙ ስላይዶች ደግሞ መለያ ቁጥራቸው በመደብዘዙ ውጤታቸውን ከባለቤቱ ጋር ማገናኘት አልተቻለም። ስለዚህ በካቶ ካትዝ ዘዴ የታወቀ ውጤት ያላቸው 534 ልጆች የስርጭቱ ስሌት መሠረት ሆነዋል። ናሙና ካልተገኘላቸው 44 ልጆች 29ኙ ሐይቁ ዳር ካሉት ሁለት ትምህርት ቤቶች በመሆናቸው፣ የዘገብነው ስርጭት ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ሊሆን እንደሚችል እናምናለን። የምርመራ ውጤት የሌለውን ልጅ ግን በግምት አልሞላንም።

በ534ቱ መጠይቅ ውስጥ የእናት የትምህርት ደረጃ በ41 (7.7 በመቶ)፣ በሐይቁ የመዋኘት ልማድ በ12 (2.2 በመቶ)፣ የቤተሰብ የወር ገቢ በ97 (18.2 በመቶ) ልጆች ላይ ጎድሏል። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ የጎደለባቸው 123 ስለሆኑ፣ የተሟላ መረጃ ያላቸው 411 ብቻ ናቸው። ዋናው ሥጋት ገቢው ላይ ነው፤ በዓሣ ማስገር ከሚተዳደሩት 198 ቤተሰቦች በ61ዱ (30.8 በመቶ) ሲጎድል፣ ከሌሎቹ 336 የጎደለው በ36ቱ (10.7 በመቶ) ብቻ ነው። የአስጋሪ ገቢ እንደየወቅቱና እንደ ዕለቱ መረብ ስለሚለዋወጥ «በወር ስንት ታገኛላችሁ?» የሚለው ጥያቄያችን ራሱ ለእነርሱ የሚመች አልነበረም፤ ስለዚህ ጉድለቱን የዕድል ጉዳይ ብቻ አድርገን መውሰድ አልቻልንም።

በዚህም ምክንያት ለሎጂስቲክ ሪግሬሽኑ በተያያዥ እኩልታዎች የሚሠራ ተደጋጋሚ ሙሌት በመጠቀም 25 የተሞሉ ቅጂዎች አዘጋጅተን፣ ውጤታቸውን በሩቢን ሕግ አዋሕደናል። በሙሌቱ ሞዴል ውስጥ የምርመራውን ውጤት፣ ዕድሜን፣ ፆታን፣ ትምህርት ቤትን፣ የቤተሰቡን መተዳደሪያ፣ የመጸዳጃ ቤት መኖርንና የጣሪያውን ዓይነት አካትተናል። በሐይቁ የሚዋኙ ልጆች የመያዝ ኦድስ ሬሾ በ411ዱ ብቻ ሲሰላ 2.4 (የ95 በመቶ መተማመኛ ክልል 1.5–3.8)፣ ከሙሌት በኋላ በ534ቱ ደግሞ 2.1 (1.4–3.1) ሆኗል። ለአስጋሪ ቤተሰቦች የተሞላውን ገቢ በ20 በመቶ ዝቅ አድርገን ስናሰላም ይህ ቁጥር 2.1 እንደሆነ ቀጥሏል፤ የገቢው ግንኙነት ግን ስለተዳከመ በዚህ ጥናት ስለ ገቢ ድምዳሜ አልሰጠንም።