በማታለል የተወሰደብኝ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለማመልከት

ቀን፦ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባንኩ የደንበኞች ቅሬታ ሰሚ ክፍል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. የተላለፈ 62,000 ብር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

የሒሳብ ቁጥሬ መጨረሻ 4471 ነው፤ ሙሉ ስሜና አድራሻዬ በተያያዘው ቅጽ ላይ ሰፍሯል። ከላይ በተጠቀሰው ቀን ከጠዋቱ 4፡12 ላይ ከወንድሜ ስልክ የጽሑፍ መልእክት ደረሰኝ። ሆስፒታል እንዳለና ማስያዣ ካልከፈለ እንደማይታከም ገልጾ፣ ገንዘቡን «ለሐኪሙ ረዳት» ሒሳብ እንድልክ ይለምናል። በቤት ስሜ ነበር የጠራኝ። ደንግጬ 62,000 ብር በሞባይል አስተላለፍኩ። ተቀባዩም የባንካችሁ ደንበኛ ነው። ሳልደውል መላኬ ጥፋቴ ነው፤ አልክድም።

ወዲያው ተጨማሪ 30,000 ሲጠየቅ ጠረጠርኩና ደወልኩ። ወንድሜ ሥራው ላይ ነበር፤ ለካ የመልእክት መለያው በዋዜማው ተጠልፎበታል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ4፡31 ለጥሪ ማዕከላችሁ ደውዬ የዝውውሩን ቁጥር ሰጠሁ፤ ተቀባዩ ሒሳብ እንዲታገድም ጠየቅኩ። የተሰጠኝ መልስ «ቅርንጫፍ ይሂዱ» የሚል ነበር። 5፡25 ላይ ቅርንጫፍ ደርሼ ቅጽ ሞላሁ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ከሰዓት እንድመለስ ተነገረኝ። 8፡40 ላይ ስመለስ ከገንዘቡ 25,000 ብር በ7፡05 ወጪ መደረጉን፣ ቀሪው 37,000 ብር ግን እዚያው ሒሳብ ላይ እንዳለ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ነገሩኝ። ለፖሊስ ያመለከትኩትም በዚያው ዕለት ነው።

እስካሁን የተሰጠኝ ምላሽ በቃል ብቻ ሲሆን፣ «የይለፍ ቁጥሩን ያስገቡት ራስዎ ስለሆኑ ባንኩን አይመለከትም» የሚል ነው። ቁጥሩን እኔ ማስገባቴ እውነት ነው። ፈቃዴ የተገኘው ግን በውሸት ነው፤ ተቀባዩም ይህን ገንዘብ የሚያገኝበት ምንም ምክንያት የለውም። ደግሞስ 25,000 ብሩ የወጣው ባንኩ ከተነገረው ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ አይደለም? ስደውል ለጊዜው እንኳ ታግዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሙሉው ገንዘብ በሆነ።

ስለዚህ ቀሪው 37,000 ብር እንዲታገድና ተመላሽ እንዲደረግልኝ፣ ካሳወቅኩ በኋላ የወጣውን 25,000 ብር ደግሞ ባንኩ እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ የግድ ነው የምትሉ ከሆነ በጽሑፍ ግለጹልኝ፤ ትእዛዙን እስካመጣ ድረስም እግዱ እንዳይነሳ። የ4፡31ቱ የስልክ ንግግር ቅጂና የዕለቱ የገንዘብ መክፈያ ካሜራ ምስል እንዳይጠፉ አደራ እላለሁ፤ ፖሊስ እንደሚጠይቃቸው ነግሮኛል።

በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለባንኩ ተቆጣጣሪ አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሒሳቡ ባለቤት

አባሪ፦ የዝውውሩ ደረሰኝ፣ የመልእክቶቹ ምስል፣ በቅርንጫፉ የሞላሁት ቅጽ ቅጂ፣ ለፖሊስ ያመለከትኩበት ማስረጃ
ግልባጭ፦ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ