ጥያቄ 3፦ በኢንተርኔት ለተፈጸመ ትንኮሳ የአድራጊውና የድረ ገጹ ተጠያቂነት

መልስ፦

መጀመሪያ ከጥያቄው የሚያስፈልጉኝን ፍሬ ነገሮች ላስቀምጥ። የግል ተበዳይዋ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚ የምትወስድ አስጎብኚ ናት። ቀድሞ አብሯት ይሠራ የነበረ ባለጀልባ በሐሰት ስም አካውንት ከፈተ። ከዚያም ከተማው ውስጥ በሚተዳደር የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ በሦስት ሳምንት 40 ጽሑፍ ለጠፈባት። ፎቶዋንና ስልኳን አወጣ። «የእንግዳ ገንዘብ ሰርቃለች» አለ። በመጨረሻም «ጣና ላይ ከወጣሽ አትመለሺም» ብሎ ጻፈ። አስተዳዳሪው ማስረጃ አያይዛ ብትጽፍለትም «የግል ጠብ ነው፣ አንገባም» ብሎ ዘጠኝ ቀን ተወው። ጭራሽ አንዱን ጽሑፍ ርዕሱን አሳምሮ ከገጹ አናት ላይ ሰቀለው።

የባለጀልባው ነገር ብዙ አያከራክርም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ሦስት የተለያዩ ድርጊቶችን ያስቀጣል፤ እሱ ሦስቱንም ፈጽሟል። «አትመለሺም» የሚለው በንዑስ አንቀጽ 1 ሥር የሚወድቅ ዛቻ ነው። ኑሮዋ ውኃ ላይ ለሆነ ሰው ይህ ባዶ ፉከራ አይደለም። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ስለ እሷ ደጋግሞ መለጠፉ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ስለፈጠረ ንዑስ አንቀጽ 2ን ያሟላል። የስርቆቱ ወሬ ደግሞ በንዑስ አንቀጽ 3 የስም ማጥፋት ነው። ይህኛው ግን በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ስለሆነ ራሷ ማመልከት አለባት።

ዋናው ጉዳይ ድረ ገጹ ነው። «እኔ አልጻፍኩትም» የሚለው መከላከያ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 16 አገልግሎት ሰጪን ሌሎች ለለጠፉት ሁሉ ተጠያቂ አያደርግም። የሚለጠፈውን በሙሉ አስቀድሞ እንዲያጣራም አያዝም። እኔም ይህን ተገቢ ነው እላለሁ፤ አለበለዚያ ሰው ቅሬታውን የሚጽፍበት ቦታ አይኖርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሚጠብቀው ነፃነትም ባዶ ይሆናል። ተጠያቂነቱ የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው፦ በማሰራጨቱ ወይም ጽሑፉን በማረሙ ቀጥታ ሲሳተፍ፣ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ሳያነሳ ወይም ተደራሽነቱን ሳይዘጋ ሲቀር፣ ወይም ሥልጣን ያለው አካል አሳውቆት ተገቢውን እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር።

እዚህ ሁለቱ ተሟልተዋል። አስተዳዳሪው መልእክቷን አንብቦ መልስ ሰጥቷል። ስለዚህ አላወቅሁም ሊል አይችልም። ስርቆቱ እውነት ይሁን ሐሰት እሱ ሊያጣራ አይችል ይሆናል፤ በዚህ ላይ ክርክሩ ሚዛን አለው። የግድያ ዛቻ ግን ማጣራት አይፈልግም፣ ያነበበው ሁሉ ያውቀዋል። ርዕሱን አሳምሮ አናት ላይ መስቀሉ ደግሞ ከአስተናጋጅነት አውጥቶ ተሳታፊ ያደርገዋል። ለእኔ ከዘጠኙ ቀን ዝምታ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነጥብ አለ። በ24 ሰዓት ውስጥ የማንሳት ግዴታ ያለው በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው፤ እሱም ለጥላቻ ንግግርና ለሐሰተኛ መረጃ ነው። እዚህ ጥቃቱ የግል ቂም እንጂ በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በጾታ ማንነት ላይ የተነጣጠረ ስላልሆነ የጥላቻ ንግግር ነው ብዬ የ24 ሰዓቱን አልጠቅስም። አዋጅ 958 ደግሞ ቁርጥ ያለ ሰዓት አላስቀመጠም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው የነገሩን ክብደት ነው። ለግድያ ዛቻ ዘጠኝ ቀን በምንም መለኪያ ረጅም ነው።

ማስረጃውን በተመለከተ አካውንቱ በሐሰት ስም መሆኑ አያስጨንቅም። በአዋጅ 958 አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም መልእክቱ ከየትና መቼ እንደተላከ የሚያሳየውን መረጃ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ማቆየት አለበት፤ መርማሪው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቀዋል። አስተዳዳሪው ወንጀሉን እያወቀ ለሚመለከተው አካልና ለፖሊስ ባለማሳወቁም የአንቀጽ 27ን ግዴታ ጥሷል። እሷም ስክሪንሾት ብቻ ሳይሆን ሊንኩንና ሰዓቱን ጭምር ብታስቀምጥ ይጠቅማታል።

በፍትሐ ብሔር በኩል የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 2044 ስም ማጥፋትን ይሸፍናል። ያለ ፈቃዷ ፎቶዋን መለጠፍ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 27ን ይጥሳል። በወሬው ምክንያት ጉዞ የሰረዙ እንግዶች ካሉ ያጣችውን ገቢ በደረሰኝና በምስክር አስረድታ ትጠይቃለች። የሕሊና ጉዳት ካሳው ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ስሟ ለጠፋ ሰው ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ ጣሪያው ሊሻሻል ይገባል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ጠበቃዋ ክሱን በጠፋው ገቢ ላይ ቢያጠነክር ይሻላል፤ ባለጀልባውንና ድረ ገጹንም አንድ ላይ ይክሰስ።