እጃችሁ እስኪታመን

ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆችና መምህራን፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

ከ15 ዓመት በፊት እኔም ጋውን ለብሼ እዚያ እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ነበርኩ። የተመረቅኩት በብየዳ ነው። ያን ዕለት ሌሊት በሐሳቤ ትልቅ ወርክሾፕ ከፍቼ፣ ሠራተኛ ቀጥሬ አደርኩ። በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ያገኘሁት ሥራ ግን አንድ የተነቀለ የበር ማጠፊያ መበየድ ብቻ ነበር።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ጊዜ ነው። ስለ ስኬት የሚነግራችሁ አታጡም። ስልካችሁ ስለማይጠራባቸው ወራት ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

በሁለተኛው ዓመት የአንድ መስኮት ፍርግርግ ተሳስቼ ለካሁ። ልገጥመው ስል በሁለት ሳንቲ ሜትር ጠበበ። ቀጣጥዬ ቀለም ባለብሰው ማንም አያውቅብኝም ነበር። አላደረግኩትም። በራሴ ወጪ ብረት ገዝቼ እንደ አዲስ ሠራሁት። የወሩ ትርፌ በዚያው ሄደ። ደንበኛዬ ግን ይህን አይቶ ሦስት ጎረቤቶቹን ላከልኝ።

የሆንዳን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሶይቺሮ ሆንዳ በ1922 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ አንድ ጋራዥ ሲቀጠር ገና 15 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ የሰጡት ሥራ የባለቤቱን ሕፃን መጠበቅ ነው። መፍቻ የያዘው ከወራት በኋላ ነው። በኋላ የፒስተን ቀለበት መሥራት ጀመረ። ለፍተሻ ካቀረባቸው 50 ቀለበቶች ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። ምን እንደጎደለው ለማወቅ ዩኒቨርሲቲዎችንና የብረት ፋብሪካዎችን እየዞረ አሠራራቸውን አጠና። ሆንዳ ሞተርን ያቋቋመው በ1948 ነው። ሕፃን ከጠበቀበት ጊዜ ቁጠሩት፤ 26 ዓመት።

ስለዚህ ኤሌክትሪሺያኗ፣ አንድ ሶኬት ቀይሪልኝ ሲሉሽ ሂጂ። ቧንቧ ሠሪው፣ ለምታንጠባጥብ ቧንቧ ሲጠሩህ ሂድ። ልብስ ሰፊዋም ዚፕ ከመቀየር ጀምሪ። ሥራ ሳይኖራችሁ በብድር ትልቅ ማሽን አትግዙ። ማሽኑ ቆሞ ዕዳው ይሮጣል። ከእያንዳንዱ ሥራ ትንሽም ቢሆን ለመሣሪያ አስቀምጡ። ደብተርም ያዙ። ልኩን፣ ዕቃውን፣ የፈጀባችሁን ሰዓት ጻፉ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ የከሰርኩት ሰዓቴን ሳልቆጥር ዋጋ ስለምናገር ነበር።

ወላጆች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። በስድስተኛው ወር «እስካሁን ምን አገኘህ?» አትበሏቸው። እናቴ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ነበር የምትለኝ። ያ ጥያቄ ስንት ቀን ከአልጋዬ እንዳስነሳኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

የራሳችሁ ማሽን የሌላችሁ የብየዳ ተመራቂዎች ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፔ ኑ። ማሽኔ በዚያ ሰዓት ሥራ የለውም። እጃችሁን አፍታቱበት፤ ያገኛችኋትን ሥራም ጨርሱበት። መነጽራችሁን ብቻ እንዳትረሱ።

እንኳን ደስ አላችሁ!