ክትባት የመከላከያ ሥርዓታችንን እንዴት ያሠለጥናል? ለአንደኛ ዓመት የጤና ተማሪዎች የአምስት ደቂቃ ገለጻ

እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ አንድ ክትባት ይዘን ከመርፌው ጫፍ ጀምረን እንከተለዋለን። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ጭናቸው ላይ የሚወጉት ፔንታቫለንት ነው። መጠኑ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው።

ውስጡ በሕይወት ያለ ጀርም የለም። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ አለ፤ ግን መርዝነቱ ጠፍቶ ቅርጹ ብቻ ቀርቷል። የተገደለ የትክትክ ባክቴሪያም አለ። የአሉሚኒየም ጨውም ተጨምሮበታል። ጨው ምን ይሠራል? ፕሮቲን ብቻውን ቢገባ ሰውነት እምብዛም አይነቃበትም። ጨው የተወጋውን ቦታ ያስቆጣል። እናቶች የሚያዩት እብጠትና ትኩሳት ሥራው መጀመሩን ነው የሚያሳየው።

አሁን ዴንድራይቲክ የሚባሉት ሴሎች ይመጣሉ። የገባውን ነገር ይውጡትና ይቆራርጡታል፣ ከዚያ ቁርጥራጩን ይዘው ብሽሽት ወዳለው የሊምፍ እጢ ይሄዳሉ። እዚያ ለቲ ሴሎች ያሳያሉ። ቢ ሴሎችም እዚያው አሉ፤ እያንዳንዱ የሚይዘው አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ መያዝ የሚችል ቢ ሴል ሕፃኑ ሳይከተብም ነበረው። ችግሩ ቁጥሩ በጣም ጥቂት፣ አያያዙም ልል መሆኑ ነው። ክትባቱ ያንን ሴል ፈልጎ ያበዛዋል። ሲባዛም ዘረ መሉ ላይ ትንንሽ ለውጦች ይፈጠራሉ። አጥብቆ የያዘው ይቀራል፣ የላላው ይሞታል። ሥልጠና የምንለው ይህንን ምርጫ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል።

በዶዞቹ መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት የምንጠብቀውም ለዚህ ነው። ቶሎ ከደገማችሁ ምርጫው ሳያልቅ ትደርሳላችሁ። እናት ብትዘገይስ? ከመጀመሪያው አትጀምሩ፣ ካቆመችበት ቀጥሉ። የተመረጡት ሴሎች የትም አልሄዱም። ከፊሎቹ መቅኔ ውስጥ ተቀምጠው ለዓመታት አንቲቦዲ ያመርታሉ፣ ከፊሎቹ የማስታወሻ ሴል ሆነው ይጠብቃሉ።

የኩፍኝ ክትባት ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ ተዳክሟል እንጂ አልሞተም፣ ስለዚህ ሰውነት ውስጥ ተባዝቶ ነው የሚያስተምረው። ልጁ ከእናቱ ያገኘው አንቲቦዲ ገና ካለ፣ ቫይረሱን ሳይባዛ ይይዘዋል፤ ክትባቱም ከንቱ ይቀራል። 9 ወር የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ያኔም የማይዝላቸው ልጆች አሉ። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ዶዝ በዋናነት ለእነሱ ነው። ማን እንደያዘለት በዓይን ስለማይለይ ለሁሉም ይሰጣል።

የመጨረሻው የማቀዝቀዣው ነገር ነው። ሁለቱም ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ ፔንታቫለንትን ግን በረዶም ይገድለዋል። በረዶ ከሠራ አሉሚኒየሙ ይጓጉላል፣ ቢሟሟም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ከተጠራጠራችሁ ከዚያው አምራችና ከዚያው ባች አንድ ብልቃጥ ሆን ብላችሁ በረዶ አድርጉና አሟሙት። ሁለቱን አብራችሁ ናጡና ጎን ለጎን አስቀምጡ። የጠረጠራችሁት እንደ በረዶው እኩል ፈጥኖ ካዘቀጠ ለማንም እንዳትሰጡት። ጥያቄ ያለው?