የስኳር በሽታ መዘዞች በአንድ ገጽ፦ ከተበታተነ ማስታወሻ ወደ ካርታ

ለጥናት ቡድናችን፣

የሁላችሁንም ማስታወሻ አንድ ላይ ዘርግቼ አየሁት። አንዱ ወረቀት ጥግ ላይ «አልቡሚን 30?» ይላል። ሌላው ላይ «ልቡ ተመታ፣ ደረቱን ግን አላመመውም» ተጽፏል። ሦስተኛው «እግር፣ ቁስል፣ መቁረጥ» ብሎ ያቆማል። «ማይክሮ ነው ማክሮ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሦስት ቦታ አለ። ካርታውን ከእነዚህ ነው ያወጣሁት። ሰሌዳው ላይ ስትስሉት ቀስቱ ላይ ያለውን ግስ እንዳትተዉት፤ ያለ ግስ ቀስቱ ምንም አይናገርም።

ኬቶአሲዶሲስንና የስኳር ማነስን አውጥቻቸዋለሁ። እነሱ በሰዓታትና በቀናት የሚመጡ ናቸው። ይህ ካርታ የዓመታት ጉዳይ ነው።

መሃል ላይ፦ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር

የግራ ክንፍ፣ ጥቃቅን ደም ሥሮች (ማይክሮቫስኩላር)

የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሴሎች ደሙ ውስጥ ስኳር ሲበዛ በሩን መዝጋት አይችሉም። ኢንሱሊን ኖረም አልኖረም ግሉኮስ ይገባል። ውስጥ ሲከማች ሴሉን ይጎዳዋል፤ የካፒላሪው መሠረታዊ ሽፋንም ይወፍራል፣ ያፈሳል። ሦስቱ ቅርንጫፎች እዚህ ይወጣሉ፦

- ሬቲና → ግድግዳው *ይለጠጣል* → ማይክሮአኒዩሪዝም → ደም ሥሩ *ይዘጋል* → ኦክስጅን ያጣው ሬቲና ቪኢጂኤፍ *ይለቃል* → ደካማ አዲስ ደም ሥሮች *ይበቅላሉ* → ዓይን ውስጥ *ይደማል*
- ኩላሊት → ማጣሪያው *ያሾልካል* → አልቡሚን በሽንት → ማጣሪያው *ይደድራል* → የኩላሊት መድከም
- ነርቭ → ረጃጅሞቹ ቀድመው *ይጎዳሉ* → ከእግር ጣት የሚጀምር መደንዘዝና ማቃጠል

የ«30?» መልስ ይኸው፦ በአንድ ግራም ክሬአቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች አልቡሚን ደህና ነው፤ ከ30 እስከ 300 መካከለኛ፤ ከ300 በላይ ከባድ። አንድ ምርመራ ብቻ አይበቃም፣ ይደገማል። ትኩሳትም ሆነ ከባድ እንቅስቃሴ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

የቀኝ ክንፍ፣ ትላልቅ ደም ቧንቧዎች (ማክሮቫስኩላር)

ሥሩ አቴሮስክለሮሲስ ነው። ወደ ልብ ሲሄድ የልብ ድካምና ኢንፋርክሽን፣ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ፣ ወደ እግር ሲወርድ የደም ቧንቧ መጥበብ። የመጨረሻው ሰውየው ሲራመድ ባቱን ይይዘዋል፣ ሲቆም ይለቀዋል።

እዚህ ግን ከመሃል የሚመጣው ቀስት ብቻውን አይደለም። ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ከጎን ይገባሉ። ለዚህ ነው የስኳሩን ቀስት በግራ ወፍራም፣ በቀኝ ቀጭን ያደረግሁት። ማስረጃውም አለ። ዓይነት 2 ታካሚዎች ላይ የተደረገውና በ1998 የወጣው የዩኬፒዲኤስ ጥናት፣ ስኳሩን አጥብቆ መቆጣጠር የጥቃቅን ደም ሥር ጉዳትን በ25 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የልብ ኢንፋርክሽን በ16 በመቶ ቢቀንስም ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አስተማማኝ ከሚባለው ለጥቂት ነው ያመለጠው። በ2008 የወጣው ክትትል ላይ ግን የልቡም ጥቅም ታየ። ቀጭን አልኩ እንጂ አልሰረዝኩትም።

በሁለቱ ክንፎች መሃል የሚያልፉት ቀስቶች

ፈተና የሚወጣው ከዚህ ነው ባይ ነኝ። ማስታወሻዎቻችን ላይ የጠፉትም እነዚህ ናቸው።

እግርን አንድ ክንፍ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገባ እንበል። ነርቩ ስለደነዘዘ ሰውየው አያውቀውም፤ ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል። ማታ ካልሲው ላይ ደም ያያል። ቁስሉ እንዳይድን ደግሞ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ጠቧል። ኢንፌክሽን ሲጨመርበት ነገሩ ወደ መቁረጥ ያመራል። ስለዚህ የእግር ቁስል ሳጥን መሃል ላይ ነው፣ ከግራ «ሕመሙን ይደብቃል» ከቀኝ «ፈውሱን ያዘገያል» የሚሉ ቀስቶች ገብተውበት።

ሁለተኛው፦ የውስጥ አካላትን የሚያዝዘው ነርቭ ጉዳት → *ይደብቃል* → የኢንፋርክሽን የደረት ሕመም። ያቺ «አላመመውም» የምትለው ወረቀት ቦታዋ ይሄ ነው።

ሦስተኛው፦ የኩላሊት ጉዳት → *ያባብሳል* → ደም ግፊትና የልብ ሕመም። ግፊቱም ተመልሶ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ቀስቱን ባለሁለት አቅጣጫ አድርጉት።

ካታራክት ወረቀታችሁ ላይ ነበር። ከሁለቱም ክንፍ ስላልሆነ ዳር ላይ ብቻውን አስቀምጬዋለሁ።

የምርመራ ጊዜውን በቀይ ጻፉ፦ የዓይንና የኩላሊት ምርመራ ለዓይነት 2 በሽታው እንደታወቀ፣ ለዓይነት 1 ከ5 ዓመት በኋላ ይጀመራል። ዓይነት 2 ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ነው። የመድኃኒቶቹን ቀስት አልሳልኩም። ከሐሙሱ ጥናት በፊት አንዳችሁ በአረንጓዴ ጨምሩት፤ ከኤሲኢ ኢንሂቢተር ብትጀምሩ ግፊትንም ኩላሊትንም ስለሚነካ ይቀላችኋል።